ሪታርጌቲንጉ አልሄድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሪታርጌቲንግ ማለት ቪዲዮአችሁን ላየ ወይም ዌብሳይታችሁን ለጎበኘ ሰው ማስታወቂያ ድጋሚ ማሳየት ነው። ዌብሳይቱ ላይ ጎብኚ የሚቆጥረው ኮድ፣ ማለትም ፒክስሉ፣ መጫኑን፣ ካርዱ ላይ ገንዘብ መኖሩንና ማስታወቂያው መጽደቁን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ጎንደር ውስጥ "ፌስቡክ ላይ ሪታርጌቲንጉ ተበላሸ" ተብዬ ስጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሰው ነው ያነሰው።

ምልክት፦ `Active` ይላል፣ ብሩ ግን ሳይነካ ያድራል

ከጥምቀት በፊት ፒያሳ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ደወለች። "ቪዲዮዬን 11 ሺህ ሰው አይቶታል፣ ለምን ድጋሚ ለእነሱ አይታይልኝም?"

ሲጀመር 11 ሺህ እይታ ማለት 11 ሺህ ሰው ማለት አይደለም። አንዱ ሦስቴ ከከፈተው ሦስት እይታ ነው። ከዚያ ኦዲየንሱን፣ ማለትም ማስታወቂያው የሚታይላቸውን ሰዎች ዝርዝር፣ ስከፍተው `Below 1000` ይላል። ይህ ጽሑፍ 900 ይሁን 40 አይነግራችሁም፤ ሆን ተብሎ ነው የተደበቀው። ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያው ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

ምን አድርጋ ነበር? ቪዲዮው 100 ሰከንድ ነው። እሷ የመረጠችው 95% ያዩትን ነው፤ ማለትም 95 ሰከንድ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው። ስልክ ላይ ይህን የሚያደርግ ዘመድ ብቻ ነው! በዚያ ላይ ያለፉት 30 ቀናት፣ በዚያ ላይ ጎንደር ከተማ ብቻ፣ በዚያ ላይ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ሴቶች፣ በዚያ ላይ የሠርግ ፍላጎት ያላቸው። ወንፊት በወንፊት ላይ ደራርባ፣ ዱቄት አልወርድ አለኝ ትላለች።

ያስተካከልኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የቪዲዮውን መለኪያ ወደ `ThruPlay` አወረድኩት፤ 15 ሰከንድ ያየ ሁሉ ይገባል። ረጅም ቪዲዮ ላይ 25% እንኳ ከዚህ ይጠብባል፣ የ100 ሰከንዱ ሩብ 25 ሰከንድ ነውና። ቀኑን ወደ 365 ከፍ አደረግሁ፤ የቪዲዮ ተመልካች ወደ ኋላ እስከዚያ ድረስ ይቆጠራል። የዌብሳይት ጎብኚ ግን ጣሪያው 180 ቀን ነው፣ ፒክስሉ ከመጫኑ በፊት የመጣውም አይገኝም። ፍላጎትና ዕድሜ አጠፋሁ፤ ቪዲዮውን ያየች ሴት ፍላጎቷን አሳይታለች፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ቦታውን ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሬ ከፈትኩት፤ ለጥምቀት ጎንደር ገብቶ ቀሚስ የሚገዛው ብዙ ሰው በኅዳር እዚህ የለም።

በመጨረሻ ገጿ ላይ መልእክት የጻፉትንና ዌብሳይቷን የጎበኙትን እዚያው ሳጥን ውስጥ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ `Narrow` የሚለውን ከነካችሁ "ይህንንም ያንንም ያደረገ" ይሆናል፣ ሰዉ ይበልጥ ያንሳል። የምትፈልጉት "ይህን ወይም ያን" ነው። ኦዲየንሱ ወደ 4 ሺህ ደረሰ፣ በማግስቱ ብሩ መውጣት ጀመረ።

ምልክት፦ "ይህን ነገር አሁንስ በቃችሁ!" የሚል ኮሜንት

ሰዉ ትንሽ፣ ባጀቱ ትልቅ ነው። 600 ሰው ላይ በቀን 1,500 ጊዜ የሚያሳይ ባጀት ብትጭኑ፣ በሳምንት 10,500 ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 17 ጊዜ ያህል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንዲህ አድርጎ የድሮ ደንበኞቹን ሳይቀር ገጹን አስደብቋቸዋል። አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው የሚናገረውን `Frequency` የሚለውን ዓምድ አውጥታችሁ እዩ። ባጀቱን ቀንሱ፣ ዓላማው `Awareness` የሆነ አዲስ ካምፔይን ክፈቱና በ7 ቀን 2 ጊዜ ብላችሁ ገደብ አስቀምጡ። በሽያጭ ዓላማ ብትቀጥሉ `Learning limited` ይላችኋል፤ ፌስቡክ በሳምንት 50 ያህል ውጤት ይጠብቃል፣ 600 ሰው ያን ከየት ያመጣል?

ምልክት፦ ኦዲየንሱ 800፣ `Reach` የሚለው የደረሰው ሰው ቁጥር ግን 9 ሺህ

`Advantage+ audience` በርቷል። ያኔ ዝርዝራችሁ ጥቆማ ብቻ ይሆንና ማስታወቂያው ለማያውቃችሁ ሰው ይሄዳል። ወደ ድሮው ምርጫ መልሱት። ቡስት የሚለውን ቁልፍ እየጫናችሁ ሪታርጌቲንግ ነው አትበሉኝ።

ምልክት፦ ክሊክ ብዙ፣ የዌብሳይት ኦዲየንስ ባዶ

ሊንኩ የሚወስደው ወደ ቴሌግራም ቻናል ነው። ቴሌግራም ላይ ፒክስል አይተከልም፣ የገባው ሰው አይቆጠርላችሁም። ወይ አንዲት ገጽ ብትሆንም የራሳችሁን ዌብሳይት በመሃል አስገቡ፣ ወይ ዌብሳይቱን ትታችሁ በቪዲዮ ተመልካች ብቻ ሥሩ። ለትንሽ ሱቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ የራሱን ፒክስል ትቶ ሄዶ፣ ጎብኚው ሁሉ ለእሱ ሲቆጠር አግኝቻለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከ100 ካላለፈ፣ ሪታርጌቲንጉን አጥፉት። ያንኑ ብር ቪዲዮውን ለሰፊ ሕዝብ በማሳየት ላይ አውሉት፣ ለጥምቀት ከሆነ ከጥቅምት ጀምሩ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደውላችሁ "ዛሬውኑ አስነሳልኝ" ብትሉኝ፣ የማሳየው ሰው የለኝም።