ከዜሮ ርቆ የሚንቀጠቀጥ ከተማ፦ በሰፊ የጌም ዓለም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአዲስ አበባን መሃል ጌም ውስጥ ማስገባት የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከካርታ ዳታ ይነሳል። ዳታው ቦታን በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ከሆነ፣ መስቀል አደባባይ ወደ ምሥራቅ 473,000፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 996,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ቁጥር እንዳለ ኢንጂኑ ውስጥ ከገባ ጣጣው ይጀምራል። ካራክተሩ ይንቀጠቀጣል። የቆመ ሚኒባስ ያለ ምክንያት ይዘላል።

ጥፋቱን በፊዚክሱ ወይም በፍሬም ሬቱ ማላከክ

ጌም ኢንጂኖች ቦታን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት በባለ 32 ቢት ፍሎት ነው፤ ይህ የቁጥር ዓይነት ደግሞ የሚይዘው ወደ 7 አሃዝ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትልቅ በሆነ መጠን፣ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተትም ይሰፋል። በ473,000 ላይ ክፍተቱ 3.1 ሴንቲ ሜትር፣ በ996,000 ላይ ደግሞ 6.25 ሴንቲ ሜትር ነው። በመካከሉ መቆሚያ ቦታ የለም።

አሁን አንድ እግረኛ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ይሂድ። ፍጥነቱ በሰከንድ 1.4 ሜትር ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ከሠራ፣ እያንዳንዱ እርምጃ 2.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከክፍተቱ ግማሽ ስለሚያንስ ድምሩ ተጠጋግቶ ወደነበረበት ይመለሳል። እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሰውየው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያው ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መስቀል አደባባይ ቢዞር ደግሞ 2.3 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 3.1 ይጠጋጋል። ስለዚህ በሰከንድ ወደ 1.9 ሜትር ይፈጥናል። ጌሙን ወደ 120 ፍሬም ብታሳድጉት በሁለቱም አቅጣጫ ይገተራል። ፍሬም ሬቱ ጥፋተኛ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ፊዚክሱም እንደዚሁ ነው። ዩኒቲ ውስጥ የኮላይደሮች የንክኪ ርቀት ካልቀየራችሁት 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቦታዎቹ ራሳቸው በ6 ሴንቲ ሜትር የሚዘሉ ከሆነ፣ የተጠጋጉ ሳጥኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገኛሉ። ፊዚክሱም ገፍቶ ያስፈነጥራቸዋል።

መለያው ቀላል ነው። ያንኑ ሚኒባስ ከነመንገዱ ወደ ዜሮ አምጡት፤ ጸጥ ካለ በሽታው ርቀት ነው። ሌላም ምልክት አለ። የከተማዋ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ በቁመት በኩል ክፍተቱ የሚሊ ሜትር ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ወደ ጎን ይበዛል።

ዓለሙን በ100 ማካፈል

ልፋት ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱም ያንሳል፣ ግን ሚኒባሱም እኩል አንሷል። ትርፍ የለውም።

ከቀየሩ በኋላ መቀነስ

መፍትሔው መስቀል አደባባይን ዜሮ ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፦

```csharp
// ስህተት
float bad = (float)northing - 996000f;
// ትክክል
float good = (float)(northing - 996000.0);
```

`northing` ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ሲሆን የተያዘው በደብል፣ ማለትም በባለ 64 ቢት ቁጥር ነው። ዋጋው 996120.40 ቢሆን፣ የመጀመሪያው መስመር መጀመሪያ ወደ ፍሎት ሲቀይረው 996120.375 ይሆናል። ከዚያ ቢቀነስም የጠፋው 2.5 ሴንቲ ሜትር አይመለስም። መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ግን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከአስፋልቱ ጋር አልገጥም ይላል። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ሰው የካርታው ስህተት ይመስለዋል።

በትክክል ከተቀነሰ ፒያሳ ከዜሮ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ክፍተቱም የሚሊ ሜትር ሩብ ነው። እንደኔ ከሆነ ለመሃል ከተማ ብቻ ከዚህ በላይ መራቀቅ አያስፈልግም።

ዜሮውን አዛውሮ ግማሹን መርሳት

ጌሙ እስከ አዳማ የሚዘልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ሁለቱም መጋጠሚያዎች ከ50 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፉ ክፍተቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ያኔ ተጫዋቹ ከዜሮ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀ ቁጥር ዓለሙን በሙሉ ወደ ኋላ መሳብ ይሻላል። በየፍሬሙ አታድርጉት፤ የቆሙትን ኮላይደሮች ሁሉ ማንቀሳቀስ ኮምፒውተሩን ያደክመዋል። የምትስቡትም በ1024 ሜትር ብዜት ይሁን። እንዲህ ከሆነ ቅነሳው በተጫዋቹ አካባቢ አዲስ ስህተት አይጨምርም።

የሚረሳው ምንድን ነው? የአቧራና የጭስ ፓርቲክሎች፣ የጎማ ዱካ፣ ሴቭ የተደረጉ ቦታዎች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊዚክሱ ለማለስለሻ የሚይዘው ያለፈው ፍሬም ቦታ። እሱ ሳይሳብ ከቀረ ሚኒባሱ ለአንድ ፍሬም ሌላ ቦታ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ብልጭታው በየተወሰነ ኪሎ ሜትር ከተደጋገመ ያልተሳበ ነገር አለ ማለት ነው።

ደብል ካለ አለቀ ብሎ ማሰብ

አንሪል 5 ቦታን በደብል ይይዛል፣ ጎዶትንም `precision=double` ብሎ ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል። የራሳችሁን ሼደር ስትጽፉ ግን ጂፒዩው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው በፍሎት ነው። ትልቁን ቁጥር እንዳለ ከላካችሁለት ምስሉ እንደገና ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የካሜራውን ቦታ በደብል ቀንሱ፣ ልዩነቱን ብቻ ላኩ።