ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ላደረገች እናት በርጩማ አትግዙ! (ቤት ተኝቶ ለሚያገግም ሰው ስጦታ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች)

አክስቴ አምና ሀምሌ ላይ ግቢያችን ውስጥ ጭቃው አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ጋ ተሰበረች። 68 አመቷ ነው። ኦፕራሲዮን ተደርጋ የተሰበረው የጭን አጥንቷ ጫፍ ወጥቶ አርቴፊሻል ገባላትና ከሳምንት በኋላ ወደ ቤት ላኳት። ቤታችን ጅማ ሄርማታ ነው፣ ሰው ታሞ ተኝቷል ከተባለ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፣ እና ሦስት ወር ሙሉ የመጣውን ነገር ሁሉ ተቀብዬ ቦታ ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ግማሹ አልጋ ስር ገብቶ ቀረ፣ አንዱማ ሊጎዳት ነበር።

ከሱ ልጀምር፣ በርጩማው። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው። የአጎቴ ልጅ "እቴቴ ደጅ ወጥታ ፀሀይ ትሙቅበት" ብሎ በጣም የሚያምር አንድ ይዞ መጣ። እሱ ምን ያድርግ፣ እኛም አላወቅንም። ግን የዳሌ መጋጠሚያ የተቀየረለት ሰው ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጠ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይሆናል፣ ያኔ ዳሌው ከ90 ዲግሪ በላይ ይታጠፋል፣ ስጋው ገና ስላልጠገነ አዲሱ መጋጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይሄ ጥንቃቄ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው፣ እንደ ኦፕራሲዮኑ አይነት ስለሚለያይ የራሷ ሀኪም ያላት ይበልጣል። እግር ማጠላለፍም ክልክል ነው፣ የተሰራውን እግር ወደ ውስጥ ማዞርም እንደዛው። ለስላሳ ሶፋም ያው በርጩማ ነው፣ ሲቀመጡበት ይሰምጣል።

ታዲያ ምን ይገዛ? መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ቁመቱ ተለክቶ። ልኬቱ ቀላል ነው፣ ቆማ ከመሬት እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ድረስ ትለካላችሁ፣ እዛ ላይ አንድ አምስት ሳንቲ ትጨምራላችሁ። የአክስቴ 43 መጣ፣ እኛ ቤት ያለው ወንበር ደሞ 42 ነበር፣ ሰፈር ያለ አናጢ አራቱም እግር ስር ጣውላ በሚስማር መትቶ 48 አደረሰልን። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ትራስ ደራርቦ ከፍ ማድረግ ግን አይሰራም፣ ትራሱ ይንሸራተታል። ሽንት ቤቱም ያው ነው፣ የኛ ሰፈር ሽንት ቤት አብዛኛው ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ መሀሉ ተበስቶ ከስሩ ባልዲ የሚገባበት ወንበር አሰሩላት፣ ስጦታ ነው ብሎ ማምጣት ቢያሳፍርም፣ ከመጣው ሁሉ በላይ የተጠቀመችበት እሱን ነው።

እዚች ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ድንገት ሀይለኛ ህመም ከመጣ፣ እግሯ ካጠረ ወይ ከዞረ፣ መቆም ካቃታት፣ ወልቆ ሊሆን ይችላል፣ ቀጥታ ሆስፒታል። እኛ ጋ አንዷ ጎረቤት "ወጌሻ ላምጣላት፣ ሂሳቡ በኔ" ብላ ነበር፣ ይሄም እንደ ስጦታ መሆኑ ነው እንግዲህ! በጭራሽ አይነካም። ባቷ ቢያብጥና ቢያማትም ማሸት የለም፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሀኪም ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ስህተት መጫሚያና ምንጣፍ ነው። ከኋላው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ አራት ሰው አመጣላት፣ አራቱም ያንሸራትታል። ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ፣ ክር የሌለው ጫማ ነው የሚፈለገው፣ ክር ለማሰር ጎንበስ ማለት አለባ። አልጋዋ ጎን ቆንጆ ትንሽ ምንጣፍ ያነጠፈም ነበር፣ ይዛ የምትሄድበት ዎከር እሱ ላይ ሲያዝ አይተን በዛው ቀን ጠቀለልነው።

ፍራፍሬ ላይ ብዙ አልልም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ይበላሻል፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ማንም የለም። ደሞ ትራማዶል የመሰለ ማስታገሻ የሚወስድና ብዙ የሚተኛ ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ አክስቴን ከቁስሏ እኩል ያስቸገራት እሱ ነው፣ ስለዚህ ካርቶን ጁስ ከምትደረድሩ ፓፓያ ወይ ተልባ ይዛችሁ ኑ፣ ተልባው በደምብ ውሃ ይኑረው። ስኳር ካለባት ጁሱም ለስላሳውም ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መሰልቸቱ ልምጣ። ሁላችንም ያሰብነው ቲቪና ስልክ ነው፣ ልጇ ትልቅ ስልክ ገዛላት፣ ሁለት ቀን አየችውና ተወችው። ያልገባን ነገር እሷ የምታየው ነገር አጥታ ሳይሆን በእጇ የምትሰራው አጥታ ነው የተሰላቸችው። አርባ አመት ሙሉ በቀን ሦስቴ ቡና ያፈላች ሴት አልጋ ላይ ሆና የምራቷን ቡና "አረረ፣ አረረ" እያለች ትነጫነጫለች፣ ምራቷም ተማረረች፣ ቤቱ ጦርነት ሆነ። ታናሽ እህቷ ከአጋሮ መጥታ አይታ ሳቀችና "ረከቦቱን ለምን ከፍ አታደርጉላትም?" አለች። እውነቷን እኮ ነው! ቡና የሚቀዳው በርጩማ ላይ ተጎንብሶ ነው ብሎ የፃፈ የለም። ጠረጴዛ ላይ ረከቦቱን አስቀመጥንላት፣ ከፊቷ ቀጥ አድርገን፣ በጎን ከሆነ ወገቧን ስለምትጠመዝዝ። መቁላቱና ከሰሉ መሬት ላይ ከምራቷ ጋር ቀረ፣ ጀበናው ሲፈላ ይነሳላታል፣ እሷ ትቀዳለች። ጀበና ይዛ መንቀሳቀስ ግን የለም፣ ሁለቱም እጇ ዎከሩ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ከመጡት ስጦታዎች ውስጥ በጣም የወደድኩላት አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋችላት ኪስ ነው፣ ዎከሩ ፊት ላይ በማሰሪያ ይታሰራል፣ ስልኳን፣ መቁጠሪያዋን፣ መነፅሯን ይይዛል። ከዛ በፊት ስልኳ ሲጠራ ለመድረስ ትጣደፍ ነበር፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ደሞ ጎንበስ ልትል፣ ወንበር ላይ ሆኖ የወደቀ ነገር ለማንሳት ማጎንበስ ያው ከ90 ማለፍ ነው። የወደቀ መሳቢያ ጫፉ የተቆለመመ ዱላም ሰርተንላታል።

የመጨረሻው ስህተት የኔ ነው። ሰባተኛው ሳምንት ላይ የታጠበ፣ የተለቀመ አንደኛ ደረጃ ቡና ሁለት ኪሎ ገዝቼ ወሰድኩላት፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። በሳምንቱ እዚሁ ጅማ መርካቶ ገብቼ ያልተለቀመ ጀንፈሉ ያልጠራ አመጣሁ፣ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አደረግንላት። መነፅሯን አውጥታ ጥቁሩን አንድ ጎን፣ የተበሳውን አንድ ጎን፣ ጠጠሩን በእጇ እየሰበሰበች ሁለት ሰአት ከዎከሩ ኪስ ስልኳን ሳታወጣ ቆየች። ከዛ ቀና ብላ "ይሄን የሸጠልህ ማነው? ወስደህ ፊቱ ላይ ድፋለት!" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።