ለአዲስ ጎረቤት ወረቀት ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳም ይሁን የካ አባዶ፣ በብሎኩ ደረጃ ላይ ፍራሽና ቁም ሳጥን ሲወጣ ከታየ አዲስ ሰው ገባ ማለት ነው። በድሮው ሰፈር ቢሆን ቡና ተፈልቶ ይጠራ ነበር። ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ሰው ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ይገባል፤ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሰዎች እንኳ ወር ሙሉ ሳይተያዩ ሊከርሙ ይችላሉ። ስለዚህ አጭር ወረቀት ጽፎ በበር ሥር ማስገባት ጥሩ መላ ነው፣ ከሚከተሉት ስህተቶች ከዳነ።

ዕቃ በሚወርድበት ቀን መድረስ

በዚያን ቀን ሰውየው ከጫኝና አውራጆች ጋር በዋጋ እየተከራከረ ነው፣ አልጋው አልተገጠመም፣ ልጆቹ አልበሉም። ያኔ የመጣ ወረቀት ወይ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል ወይ ተረግጦ ይቀራል። ከገቡ ሦስት ቀን ይለፍ፣ ሳምንት ግን አይሙላ። በዚያው ቀን ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የውሃው ጉዳይ ነው። ደረጃ ላይ ስታገኟቸው በቃል ንገሯቸው፣ ወረቀት አይጠብቅም።

ሰላምታ መስሎን መጠየቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው በክፋት አያደርገውም። «ብቻችሁን ናችሁ ወይስ ቤተሰብ አለ?» «ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ?» «አገራችሁ ወዴት ነው?» ፊት ለፊት ሲነገሩ በፈገግታና በድምፅ ይለዝባሉ። ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ግን የቀበሌ ቅጽ ይመስላሉ። ተከራይ የሆነ ሰው ስለ ኪራዩ ማውራት አይፈልግም፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ብቻዋን መሆኗን ለማታውቀው ሰው መንገር አትፈልግም፤ የትውልድ አገር ጥያቄ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ከጨዋታ በላይ ይከብዳል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ከጻፋችሁ በኋላ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሰርዙ። ስለ ራሳችሁ ንገሩ፣ እነሱ የፈለጉትን ያህል ይመልሱ።

ከዚሁ ጋር አጠራሩን አስቡበት። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብላችሁ ስትጽፉ በሩን የሚከፍተው አዛውንት ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ እስክታውቁ ድረስ «እናንተ» ከሁሉም ያድናል፤ ፆታም ዕድሜም ብዛትም አያሳስትም። «ቤት ለእንቦሳ» የሚለውንም ለወረቀት አታባክኑት። እሱ ደጃፉን አልፎ ሲገባ የሚባል፣ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ የሚመልስለት ምርቃት ነው። እስኪጋብዟችሁ ይቆይ።

ከአቀባበሉ ጋር መዋጮና ደንብ ማያያዝ

እንኳን ደህና መጣችሁ ተብሎ ቀጥሎ የጥበቃ መዋጮ፣ የጽዳት ተራ፣ ደረጃ ላይ ሽንኩርት ላለመክተፍ የወጣ ደንብ ከተዘረዘረ፣ አንባቢው የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው። መዋጮ የኮሚቴው ሥራ ነው። ደግሞም የኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የሕንፃው ማኅበር አባላት ያደረገው የቤቶቹን ባለቤቶች ነው። የገቡት ተከራዮች ከሆኑ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል የእነሱና የአከራያቸው ስምምነት ነው፣ ጎረቤት መሀል ሊገባበት አይገባም።

በቦታው መግባት ያለበት በዚያ ሳምንት የሚጠቅማቸው፣ ከነባር ሰው በቀር ማንም የማይነግራቸው ነገር ነው። ውሃውን ምሳሌ እናድርግ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ ሲያንስ ታች ፎቅ ይደርስና ላይኛው ፎቅ ላይ ዘግይቶ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። አዲስ ገቢ ይህን አያውቅም። ቀን ቧንቧ ይከፍታል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ እንደተከፈተ ትቶት ሥራ ይሄዳል። ውሃው ሲመጣ ሳህን ማጠቢያው ቆሻሻ ይዞት ከነበረ ይሞላና ይፈሳል፣ ወለሉን አልፎ ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ይወርዳል። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ምልክት ያያችሁ እንደሆነ የዚህ አሻራ ሊሆን ይችላል። የብዙ ጎረቤቶች የመጀመሪያ ንግግር ጠብ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚመጣበትን ቀን፣ ሰዓቱን በግምት፣ ቧንቧ ዘግቶ የመውጣቱን ነገር መጻፍ ከአሥር የደስታ ቃል ይበልጣል። ከቻላችሁ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን ቀን ጨምሩ። በዚህ ይብቃ፤ ሦስተኛ መረጃ ሲጨመር ወረቀቱ ማስታወቂያ መሆን ይጀምራል።

እንግዲህ አንድ ወረቀት እንይ። ሲበላሽ እንዲህ ነው፦

«እንኳን ደህና መጣሽ! ቤቱን ገዝተሽው ነው? ባለቤትሽስ? የጥበቃ መዋጮ በየወሩ ይሰበሰባል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ስለምናፈላ እንጠብቅሻለን፣ እንዳትቀሪ። ስልክሽን ጻፊልንና ግሩፕ ውስጥ እናስገባሽ።»

ሲስተካከል፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። 3ኛ ፎቅ፣ 12 ቁጥር ነው የምንኖረው። ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስትወጡ ቧንቧ መዘጋቱን አረጋግጡ። ቆሻሻ ሐሙስ ጠዋት ይወሰዳል። የሆነ ነገር ከቸገራችሁ በራችንን አንኳኩ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ነን። መልስ አያስፈልገውም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ናት። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ታሳርፋለች።

ቀን የተቆረጠለት የቡና ግብዣ

ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከተጠጣ ሰዓት ይበላል፣ እምቢ ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ያልቻለ ሰው ሰበብ ይፈጥራል፣ ሰበብ የፈጠረ ሰው ደረጃ ላይ ሲያያችሁ አንገቱን ይደፋል። ግብዣው በአካል ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላም ከተባባሉ በኋላ ይምጣ። ስልክ ቁጥር አለመጠየቅም፣ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳይጠይቁ አለማስገባትም በዚሁ ይካተታል፤ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሰውየውን ፎቶና ስም ሊያይ ይችላልና።

ምግብ በሳህን መላክ

እኛ ዘንድ ሳህን ባዶውን አይመለስም። የመጣላቸው ሰዎች ዕቃቸውን ሳይፈቱ ምን ሞልተን እንመልስ ወደሚል ጭንቀት ይገባሉ። ደግሞ ፆመኛ ይሁኑ አይሁኑ፣ የየትኛው ሃይማኖት ሥጋ እንደሚበሉ አታውቁም። ሁለት እፍኝ ቆሎ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢላክ ፆምም አይፈታ፣ ሳህንም አያስመልስ። ቅቤ የተቀባ አታድርጉት እንጂ።

በሩ ላይ መለጠፍ

በሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ሦስት ቀን ከቆየ ቤቱ ሰው እንደሌለበት ለሚያልፍ ሁሉ ይናገራል። አጥፋችሁ በበር ሥር አስገቡት። ክፍተት ከሌለ ለጥበቃው በእጁ ስጡት፣ የቤት ቁጥሩን ከላይ ጽፋችሁ።

ከዚያ በኋላ ዝም በሉ። ወረቀቱ ደረሰ ወይ ብሎ ማንኳኳት የጻፋችሁትን ያፈርሳል። ደረጃ ላይ ሲያገኟችሁ ቀድመው ሰላም ካሉ፣ ወይም «ውሃው ዛሬ ይመጣል?» ብለው ከጠየቁ፣ በሩ ተከፍቷል። ሰላምታችሁን በራስ ንቅናቄ ብቻ ከመለሱ ደግሞ እናንተም በራስ ንቅናቄ መልሱ፤ ወር ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል።