ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ ሲጓዙ ቂብላንና የሶላት ወቅትን በጥላ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ከአዳማ ማለዳ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ዙህርን፣ አንዳንዴም አስርን መንገድ ላይ ያገኛል። መስጊድ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ የአካባቢው ሚህራብና የነዋሪው ምስክርነት ከራስ ግምት ይቀድማል። መስጊድ በሌለበት ግን ስልክም ሳያስፈልግ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሁለት ጠጠርና ፀሐይ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ካዕባ ከእኛ በየት በኩል እንደሆነ በልብ መያዝ ይገባል። መካ ከኢትዮጵያ በስተሰሜን ናት። አዳማ ላይ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዘንበል የሚለው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በዓይን የማይለይ ነው። መተሃራ ከመካ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ልትሆን ምንም ስለማይቀራት እዚያ ቂብላ ሰሜን ነው። ከአዋሽ ወዲያ መንገዱ መካን በስተምዕራብ እየተወ ስለሚሄድ፣ ድሬዳዋ ላይ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምዕራብ 9 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ይህን ለመለካት ክንድን ወደፊት ዘርግቶ ቡጢ መጨበጥ ነው፤ የቡጢው ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ሰሜንን ካገኙ በኋላ አንድ ቡጢ ወደ ግራ ይዞራሉ። መንገዱ በጥቅሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ ሲሄዱ ቂብላ በአውቶቡሱ ግራ በኩል፣ ሲመለሱ በቀኝ በኩል ነው። ይህ ግምት ነው፤ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ወርዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሰሜንን ለማግኘት ብዙ ሰው «እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው» በሚል ልማድ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ትክክል ነው። ፀሐይ ግን በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከ3 ወይም ከ4 ጀምሮ፣ አዳማን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ የምትመለሰውም በነሐሴ 25 ወይም 26 አካባቢ ነው። በእነዚህ ወራት የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በልማዱ የሄደ ሰው ለመካ ጀርባውን ሰጥቶ ይሰግዳል። ስለዚህ የሚታየው ጥላው የወደቀበት ወገን ሳይሆን ጥላው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ሜትር የሚሆን እንጨት ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ቀጥ ማለቱን ለማየት ድንጋይ የታሰረበት ክር ከእንጨቱ ጎን አንጠልጥለው ያስተያዩ። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያኑሩ። 15 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ ጫፉ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ በአዲሱ ቦታ ሁለተኛውን ጠጠር ያኑሩ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው፤ ይህ በማንኛውም ወር አይለወጥም። የመጀመሪያውን በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ አድርገው ቢቆሙ ፊትዎ ወደ ሰሜን ነው። ሥራው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የጥላው ጫፍ አካሄድ ስለሚያዘነብል በታኅሣሥና በሰኔ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያሳስት ይችላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ፀሐይ ልክ ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ ቅናሽም ጭማሪም የለውም። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ፀሐይን በዓይን ሳያዩ የጥላውን ተቃራኒ መያዝ ይበቃል። የቤትን ወይም የመሥሪያ ቤትን ቂብላ ለማስተካከል ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ወደ ወቅቱ ስንመጣ ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከመካከለኛው ሰማይ ዘንበል ስትል ነው። ከእንጨቱ ሥር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መስመር ካሰመሩ፣ ጥላው መስመሩን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲሻገር ዙህር ገብቷል። በሰዓት ሲታይ አዳማ ላይ ይህ ቅጽበት በዓመቱ ውስጥ ከ6 ሰዓት ከ7 እስከ 6 ሰዓት ከ37 ባለው መካከል ይመላለሳል። «6 ሰዓት ሆኗል» ብሎ መስገድ አዳማ ላይ ሁልጊዜ ከወቅቱ በፊት ነው።

አስር ላይ ስህተቱ የከፋ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ አስር የሚገባው ጥላው የእንጨቱን ቁመት ያህል ሲያክል ነው፤ ነገር ግን በእኩለ ቀን የነበረው ጥላ በላዩ ይደመራል። ታኅሣሥ 12 ቀን አዳማ ላይ የ1 ሜትር እንጨት የእኩለ ቀን ጥላው 62 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አስር የሚገባው ጥላው 1 ሜትር ከ62 ሲደርስ ነው፤ ይህም ከ9 ሰዓት ከ40 ገደማ ይሆናል። 62ቱን ረስቶ ጥላው 1 ሜትር ሲሞላ የሰገደ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሟል። በሐነፊ መዝሀብ ታዋቂ አቋም ቁመቱ ሁለት እጥፍ ስለሚቆጠር 2 ሜትር ከ62 ይጠበቃል። እንጨት ካጡ የራስ ቁመት ይሠራል፤ የሰው ቁመት በገዛ ጫማው 7 ያህል ስለሚሆን በዚያ ቀን በሻፊዒ ስሌት 11 ጫማ ተኩል ገደማ ማለት ነው።

የአዳማን የወቅት ሰንጠረዥ ይዞ የሚጓዝ ሰው አቅጣጫውን ያስብ። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ወቅቶቹ ይቀድማሉ፤ ድሬዳዋ ከአዳማ በ10 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ለዙህር ይህ ማዘግየት ብቻ ነው፤ በረመዳን ግን በአዳማ ሰንጠረዥ ሱሑር የሚበላ ሰው ፈጅር ከገባ በኋላ ሊበላ ይችላል። ወደ ምዕራብ፣ ለምሳሌ ወደ ጅማ ሲሄዱ ደግሞ ወቅቱ በ10 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ የአዳማን ሰዓት ይዞ የሰገደ ወቅቱ ሳይገባ ሰግዷልና ሶላቱን መድገም አለበት። ስልክ የሚጠቀሙ ከሆነ ቦታው መታደሱን ይዩ። ፕሮግራሙ Muslim World League ወይም ISNA በሚሉ አማራጮች መካከል ሲቀያየር የፈጅር ሰዓት በ12 ደቂቃ ያህል ይለያያል፤ መጀመሪያው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ሁለተኛው 15 ላይ ስትሆን ስለሚይዙ ነው። የስልኩ ኮምፓስ በአውቶቡስ ውስጥና ማግኔት ባለው ሽፋን ይዛባል፤ ወርደው፣ ከብረት ርቀው ይሞክሩት።

የድሬዳዋ መንገድ ለቀስር የሚፈለገውን ርቀት፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ገደማን፣ አብልጦ ያልፋል። በሻፊዒ መዝሀብ ከአዳማ ቤቶች ከወጡ በኋላ ዙህርና አስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገው በአንዱ ወቅት ማጣመር ይችላሉ። በዙህር ወቅት የሚያጣምሩ ከሆነ ዙህርን አስቀድመው ይሰግዳሉ፤ የማጣመሩንም ኒያ ከዙህር ሳይወጡ ያድርጉ። ሐነፊዎች ቢያሳጥሩም በጉዞ ምክንያት አያጣምሩም፤ ዙህርን ወደ መጨረሻው፣ አስርን ወደ መጀመሪያው ወቅት አቀራርበው ይሰግዳሉ። ሾፌሩ ለምሳ የሚያቆምበትን ቦታና ሰዓት ከመነሳት በፊት መጠየቅ ይጠቅማል፤ ማቆሚያው ከዙህር በፊት ከሆነ በሻፊዒ ዙህርን ወደ አስር ለማዘግየት የዙህር ወቅት ሳይወጣ ኒያ ማድረግ ያስፈልጋል።