ከኔት ወደ ግሮስ፦ ደመወዝ ስንደራደር የምንሳሳታቸው ስሌቶች

«እጄ ላይ 6,000 እንዲገባ እፈልጋለሁ» ይላል ተቀጣሪው። ቀጣሪው ደግሞ ውሉ ላይ የሚጽፈው ግሮሱን ነው። ከግሮስ ወደ ኔት መውረድ ቀላል ነው፤ ግብሩንና መዋጮውን ቀንሶ የቀረውን ማየት ነው። ወደ ላይ መውጣቱ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ምክንያቱም ግብሩ የሚሰላው ገና ባላወቅነው ቁጥር ላይ ነው።

የግብር ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ እዚህ የምጠቀመው ለምሳሌ ብቻ የፈጠርኩትን ሠንጠረዥ ነው። ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 1,000 ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 3,000 ድረስ ባለው 10 በመቶ፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ባለው 20 በመቶ፣ ከ6,000 በላይ ባለው 30 በመቶ ይከፈላል። በተጨማሪ ሠራተኛው ከግሮሱ 5 በመቶ የጡረታ መዋጮ ያወጣል። መዋጮው ግን ጣሪያ አለው፤ ከ8,000 በላይ ባለው ደመወዝ ላይ አይሰላም።

የሚቆረጠውን በመቶኛ ኔቱ ላይ መደመር

ይህ የተለመደው ስህተት ነው። ከደመወዙ 20 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው 6,000 ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 7,200 ይጠይቃል። ከ7,200 ላይ 20 በመቶ ሲነሳ ግን የሚቀረው 5,760 ነው። 20 በመቶው የሚቆረጠው ከትልቁ ቁጥር ነዋ። ስለዚህ መደመር ሳይሆን ማካፈል ነው የሚያስፈልገው፤ 6,000 ለ0.80 ሲካፈል 7,500 ይመጣል። ይህም ቢሆን የሚሠራው የመቁረጫው መጠን በሁሉም ደመወዝ ላይ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በእርከን የሚሰላ ግብር ባለበት ደግሞ አንድ አይሆንም።

በአንድ መቶኛ ብቻ ለመጨረስ መሞከር

እዚህ ላይ ሰው በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። አንዱ የድሮ ፔይሮሉን ያወጣና ከ6,000 ግሮስ 4,900 እንደደረሰው ያያል። 18.33 በመቶ ገደማ ተቆርጦበታል ማለት ነው። ይህንኑ ይዞ አዲሱን ግሮስ ሲያሰላ 7,347 ገደማ ያገኛል። ወሩ ሲያልቅ የሚደርሰው ግን 5,775 አካባቢ ነው። ከ6,000 በላይ ያለው ጭማሪ በሙሉ የገባው 30 በመቶ ውስጥ ነው፤ የድሮው አማካይ ይህን አያውቅም።

ሌላው ተቃራኒውን ይሠራል። ከፍተኛውን 30 በመቶና 5 በመቶ መዋጮውን ደምሮ 6,000ን ለ0.65 ያካፍልና 9,231 ይጠይቃል። 30 በመቶው ገና ከመጀመሪያው ሳንቲም ጀምሮ የሚቆረጥ መስሎታል። ይህኛው ከሚያስፈልገው ከ1,500 በላይ አስበልጦ ነው የጠየቀው፤ ቀጣሪው ስሌቱን የሚያውቅ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ሊበላሽ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ እርከኖቹ በሚቀየሩበት ቦታ ላይ ኔቱን አስቀድሞ ማስላት ነው። በምሳሌያችን 3,000 ግሮስ ላይ ግብሩ 200፣ መዋጮው 150 ስለሆነ ኔቱ 2,650 ነው። 6,000 ላይ ግብሩ 800፣ መዋጮው 300፣ ኔቱ 4,900። 8,000 ላይ ግብሩ 1,400፣ መዋጮው 400፣ ኔቱ 6,200።

የምንፈልገው 6,000 ኔት በ4,900 እና በ6,200 መካከል ነው። ስለዚህ ግሮሱ በ6,000 እና በ8,000 መካከል ይሆናል። እዚያ ክልል ውስጥ ከሚጨመር እያንዳንዱ 1 ላይ 0.30 ለግብር፣ 0.05 ለመዋጮ ሄዶ እጅ ላይ የሚቀረው 0.65 ነው። ከ4,900 ወደ 6,000 ለመድረስ 1,100 ይጎድላል። 1,100 ለ0.65 ሲካፈል 1,692.31 ነው። 6,000 ላይ ሲደመር ግሮሱ 7,692.31 ይሆናል።

እንፈትሸው። ግብሩ 800 እና 507.69፣ በድምሩ 1,307.69 ነው። መዋጮው 384.62። ሁለቱን ከ7,692.31 ሲቀንሱ ልክ 6,000 ይቀራል። ይህን ወደ ኋላ የመፈተሽ ልማድ የሌለው ሰው ስህተቱን የሚያገኘው የመጀመሪያ ደመወዙ ሲገባ ነው።

መዋጮው ከግብር በፊት ይቀነስ እንደሆነ አለመጠየቅ

ከላይ ያሰላነው ግብሩ በሙሉው ግሮስ ላይ ሲታሰብ ነው። አንዳንድ ቦታ ግን መጀመሪያ መዋጮው ይነሳና ግብሩ በቀሪው ላይ ይሰላል። እንደዚያ ከሆነ ለዚያው 6,000 ኔት የሚያስፈልገው ግሮስ 7,518.80 ብቻ ነው። በወር 173.51 ይለያያል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሠንጠረዥ እየተጠቀሙ የተለያየ መልስ ካመጡ፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ጣሪያውን መርሳት

የፈለጉት ኔት 6,900 ነው እንበል። 8,000 ላይ ኔቱ 6,200 ስለሆነ 700 ይጎድላል። ከ8,000 በላይ መዋጮ ስለማይቆረጥ የሚቀረው 0.65 ሳይሆን 0.70 ነው። 700 ለ0.70 ሲካፈል 1,000፤ ግሮሱ 9,000። ጣሪያውን የረሳ ሰው 9,077 ያህል ይጠይቃል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን ያለምክንያት የመጣ ቁጥር ስለሆነ ሲጠየቁ ማስረዳት ያስቸግራል።

የቀጣሪውን ወጪ ከግሮስ ጋር ማደባለቅ

ቀጣሪውም በብዛት ከራሱ ኪስ መዋጮ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ከግሮሱ ላይ አይቆረጥም፤ በላዩ ይጨመራል። የቀጣሪው ድርሻ 10 በመቶ ቢሆንና ጣሪያ ባይኖረው፣ የ7,692.31 ደመወዝ ለድርጅቱ 8,461.54 ያስወጣዋል። ስለዚህ አንድ ቀጣሪ «ለዚህ ቦታ የያዝነው በጀት 8,000 ነው» ሲል ግሮሱን ይሁን ጠቅላላ ወጪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ወጪው ከሆነ ግሮሱ 7,272.73 ብቻ ነው፤ ከዚያ ደግሞ 6,000 ኔት አይወጣም።

በእጅ ብቻ መታገል

ኤክሴል ላለው ሰው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ግሮሱን B1 ላይ ያድርጉና ኔቱን በዚህ ፎርሙላ B2 ላይ ያውጡ፦

```
=B1-MAX(0,B1-1000)*10%-MAX(0,B1-3000)*10%-MAX(0,B1-6000)*10%-MIN(B1,8000)*5%
```

ሦስቱም ላይ 10% የተጻፈው እያንዳንዱ እርከን ከበፊቱ በ10 በመቶ ስለሚጨምር ነው። የእርስዎ ሠንጠረዥ ከ15 ወደ 20 የሚሄድ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ 5% ይግባ። ከዚያ Data ውስጥ What-If Analysis፣ ከዚያም Goal Seek ይክፈቱ። Set cell ላይ B2፣ To value ላይ 6000፣ By changing cell ላይ B1 ይጻፉና OK ይበሉ። ግሮሱን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ፎርሙላው የሚሠራው ግን መዋጮው ከግብር በፊት በማይቀነስበት ቦታ ነው፤ አበልና ጥቅማጥቅም ካለም ግብር የሚከፈልበትንና የማይከፈልበትን ለይተው ለየብቻ ያስገቡ።