የቬሎሲቲ ግራፍ ሲጎብጥ የሚሳሳቱበት ቦታ

ድሬዳዋ ውስጥ ማታ ማታ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። የቬሎሲቲና የጊዜ ግራፍ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ችግር የለም። ጎበጥ ሲል ግን ጎበዞቹም ይሳሳታሉ። ሁሌም የምሰጣቸው ምሳሌ ከከዚራ ምድር ባቡር ጣቢያ በር ላይ የሚነሳ ባጃጅ ነው። በ0፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8ኛው ሰከንድ ቬሎሲቲው 0፣ 3.5፣ 6፣ 7.5 እና 8 ሜትር በሰከንድ ነው እንበል። ነጥቦቹን ስናገናኝ መጀመሪያ ሽቅብ የሚወጣ፣ እየቆየ የሚተኛ መስመር ይወጣል።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ነው። «መስመሩ ተኛ፣ ስለዚህ ባጃጁ ቀዘቀዘ» ይላሉ። አልቀዘቀዘም! ቬሎሲቲውን የሚነግረን የመስመሩ ከፍታ ነው፤ አክስለሬሽኑን የሚነግረን ደግሞ ስሎፑ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች 3.5 ጨመረ፣ በመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ 0.5 ብቻ። ጭማሪው አነሰ እንጂ ፍጥነቱ አልቀነሰም። እንዲያውም በጣም የሚፈጥነው 8ኛው ሰከንድ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ በ4ኛው ሰከንድ ያለውን አክስለሬሽን ሲጠየቁ 6ን ለ4 አካፍለው 1.5 ይላሉ። ይህ ከተነሳበት እስከዚያ ድረስ ያለው አማካይ ነው። የዚያችን ቅጽበት ከፈለጋችሁ ታንጀንት አስምሩ። ማስመሪያውን መስመሩን እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ እንዲነካ አድርጉና በግራና በቀኝ የሚቀረውን ክፍተት እኩል እስኪመስል አዙሩት። እኛ ጋ ታንጀንቱ በ2ኛው ሰከንድ 4 ላይ፣ በ6ኛው 8 ላይ ያልፋል። 4 ለ4 ሲካፈል 1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ሁለቱን ነጥቦች ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ምረጡ፤ ከተቀራረቡ ትንሽ የማንበብ ስህተት መልሱን ያበላሸዋል።

ሦስተኛው ዲስፕሌስመንት ላይ ነው። ብዙዎቹ ከስር ያለውን ስፋት እንደ ሦስት ማዕዘን ይወስዱትና የ8 በ8ን ግማሽ፣ 32 ሜትር ይላሉ። መስመሩ ግን ከሦስት ማዕዘኑ በላይ አብጧል፤ ያ እብጠት ሳይቆጠር ቀረ። በየ2 ሰከንዱ ቁረጡትና የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት የሁለቱን ጫፎች አማካይ በ2 ሰከንድ እያባዛችሁ አስሉ፦ 3.5፣ 9.5፣ 13.5፣ 15.5። ድምሩ 42 ሜትር። መስመሩ ወደ ላይ ስላበጠ እውነተኛው ከ42 ትንሽ ይበልጣል። ቁራጮቹን ባሳነሳችሁ ቁጥር ወደ እውነተኛው ትጠጋላችሁ።

የመጨረሻው የአቅጣጫ ነገር ነው። ባጃጁ 50 ሜትር ሄዶ ቆመ፣ የረሳውን ተሳፋሪ ለመጫን 6 ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ እንበል። ወደ ኋላ የተመለሰበት ስፋት ከዜሮ በታች ስለሚሆን ዲስፕሌስመንቱ 44፣ የተጓዘው ርቀት 56 ሜትር ነው። ግን ልብ በሉ፣ መስመሩ ቁልቁል ስለወረደ ብቻ ተመለሰ አይባልም። ከዜሮ በላይ እስካለ ድረስ ባጃጁ ፍሬን ይዞም ወደፊት እየሄደ ነው። የሚመለሰው መስመሩ ዜሮን ሲያልፍ ነው።