አለቃ «ይታያል» ብቻ ብሎ ሲመልስ

ደብረ ማርቆስ ስሠራ ነው። ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት አንድ ቀን እንዲጨመርልኝ አለቃዬን በቴሌግራም ጠየቅኩት። «ይታያል» አለና ዝም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

አሁን ቢሆን መጀመሪያ የቆዩ መልእክቶቹን ወደ ላይ ሄጄ አይ ነበር። ድሮም «እሺ»፣ «ላክ» ብቻ የሚል ሰው ከሆነ ዛሬም ያው ነው። የሚያሳስበው ለውጡ ነው። ሁልጊዜ «እንዴት አደርክ» ብሎ የሚጀምር ሰው ሁለት ሦስቴ በተከታታይ ሰላምታውን ከተወ አንድ ነገር አለ። እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው ድንገት «እርስዎ» ሲለኝ ነው። እኛ ዘንድ ቁጣ አንዳንዴ አክብሮት ለብሶ ይመጣል።

ደግሞ የጠየቅከውን መልሷል ወይ? በአንድ ቃልም ቢሆን ከመለሰ ብዙውን ጊዜ ቸኩሎ ነው። ጥያቄህን ዘሎ «እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» ካለ ግን ቅር ብሎታል።

ካልለየልህ «ተቆጡ እንዴ?» ብለህ አትጻፍ፤ ያልነበረ ነገር ትቀሰቅሳለህ። ግማሽ ቀን ጠብቅና ስለ ሥራው ብቻ፣ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ነገር ጠይቅ። እኔም በማግስቱ «ሐሙስ ጠዋት ባደርሰው ይሆናል?» ብዬ ላክሁ። «ይሆናል። ትናንት ዓባይ በረሃን እየወረድን ነበር፣ ኔትወርኩም አልያዘልኝ» አለኝ።